መጽሐፉ ከመመለሱ በፊት፦ ለዋጫ ወላጆች የተጻፈ የሰኔ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

በሰኔ መጨረሻ ልጆቻችሁ የመማሪያ መጻሕፍታቸውን ለትምህርት ቤት ይመልሳሉ። በመስከረም ለሚገቡት ተማሪዎች ስለሚያስፈልጉ መመለሳቸው ግድ ነው። ችግሩ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ በብዙ ቤት ልጅ የሚያነበው አንድ ገጽ እንኳ አለመኖሩ ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜ እንዲሁ ያልፋሉ። በሰኔ አንድ አንቀጽ ሳያቋርጥ ያነብ የነበረ ልጅ በመስከረም ፊደል በፊደል እየለቀመ ይመጣል፤ እኛም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የምናጠፋው ያወቀውን መልሰን በማስተማር ነው። ይህን ደብዳቤ በዚህ ዓምድ ያወጣሁት ቦንጋም፣ ጊምቦም፣ እዚህ ጨናም ያለን ሰዎች ችግራችን አንድ ስለሆነ ነው።

ገንዘብ ያላቸው ወላጆች ለክረምት አስጠኚ ይቀጥራሉ። አስጠኚውም አብዛኛውን ጊዜ ለልጁ የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ ይጀምርለታል። እኔ በዚህ አልስማማም። አራተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ልጅ የአራተኛ ክፍሉን ንባብና ስሌት አጥብቆ ይዞ ቢመጣ፣ የአምስተኛውን በጥሩ ሁኔታ እናስተምረዋለን። እናንተን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ አያስወጡም፤ ወላጁ ራሱ ማንበብ ባይችልም ይሠራሉ።

የመጀመሪያው አሁኑኑ፣ መጽሐፉ ከቤት ሳይወጣ የሚሠራ ነው። ልጁ ከካፊኖኖ መጽሐፉ ሁለት ምንባብ፣ ከአማርኛው ደግሞ ሁለት ምንባብ መርጦ በንጹሕ ደብተር ይገልብጥ። እያንዳንዱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። በአንድ ቀን ሁሉንም አይጻፍ፤ እጁ ሲደክም ፊደል ይዘላል። ከካፊኖኖው ሲገለብጥ በተለይ ድምፁ ሲረዝም የሚደገመውን ፊደል እንዳይተው ተጠንቀቁ፤ ልጆች ቶሎ የሚጥሉት እሱን ነው፤ አንዱ ሲጎድል ቃሉ ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል። ገልብጦ ሲጨርስ ታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ መጽሐፉን ይዛ ትከታተል፤ እሱ ከደብተሩ ጮክ ብሎ ያንብብ። ስሕተቱ በዚያው ይታረማል። መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ ግን የሚያርመው የለም፤ ልጁ ክረምቱን ሙሉ ስሕተቱን ሲያጠና ይከርማል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማታ ከእራት በፊት ወይም ከብት ወደ በረት ከገባ በኋላ አሥር ደቂቃ ያንብብላችሁ። አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ሁለት ሰዓት አስቀምጣችሁት በሦስተኛው ቀን ከሚተወው፣ አሥሯን ደቂቃ እስከ ጳጉሜ ቢዘልቅባት ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ እናቶችና አባቶች፣ «እኔ ፊደል ሳልቆጥር ልጄ በትክክል ማንበቡን በምን አውቃለሁ?» ይሉኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። አንድ ምንባብ በሳምንት ውስጥ በቃል ይያዛል፤ ልጁ ደብተሩን እያየ የሚያነብ ይመስላችኋል እንጂ የሚወጣው ከትዝታው ነው። መለያው ቀላል ነው። አንድ ስንጥር ያዙ። በገጹ መካከል፣ ከየትኛውም መስመር፣ አንድ ቃል ላይ አድርጉና «ይቺን ብቻ» በሉት። የነገራችሁን ቃልና ቦታውን ልብ በሉ። ሌሎች ሁለት ሦስት ቃላት ካስነበባችሁት በኋላ ስንጥሩን ወደዚያችው ቃል መልሱ። መጀመሪያ ያላትን ደግሞ ካላት አንብቧታል። ሌላ ቃል ከተናገረ፣ ወይም ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥቶ በሹክሹክታ እየቆጠረ ወደ ቃሏ ከደረሰ፣ የያዘው በቃሉ ነው። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልጋችሁም። አትቆጡት፤ ያንን ምንባብ አሳርፉና ወደ ሌላው ይለፍ።

አራቱ ምንባቦች ሲሰለቹት ቤት ውስጥ ጽሑፍ ፈልጉ። የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ጽሑፍ አለ፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ አለ፤ የጸሎት መጽሐፍ ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ ስልካችሁ ላይ የሚገባውን መልእክት እሱ ያንብብላችሁ። በቆሎ ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ማሳው ዳር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ቢይዝ ከሥራው የሚቀንስበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ዝናብ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ላቆያችሁ። ሂሳብ በክረምት የሚጠፋው ልጁ ቁጥር የሚያስፈልገው ነገር ስለማያገኝ ነው፤ ካፋ ውስጥ ደግሞ በክረምት ከዝናብ የበለጠ በየቀኑ የሚመጣ ነገር የለም። ቡናችንንም፣ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበውን ጫካችንንም ያቆመው ይኸው ዝናብ ነው። ልጆቻችሁ ይለኩት።

የሚያስፈልገው አንድ ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ማስመሪያ፣ ጠጠርና ደብተር ነው። ፕላስቲኩ ክብ፣ ጎኑም ለስላሳ ይሁን፤ ጎኑ የተሸበሸበ ወይም ወገቡ የገባ ከሆነ ልኩ ይዛባል። አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ላይ ቁረጡት። የተቆረጠውን ራስ ክዳኑን አውልቃችሁ ገልብጡና እንደ ማንቆርቆሪያ አፉ ውስጥ ክተቱት፤ ይህ ውኃው በፀሐይ እንዳይተን ያግዛል። የፕላስቲኩ ግርጌ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩበት፤ ጠጠሩን አልፎ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ሙሉ። የውኃው ላይ ጠርዝ ዜሮ ነው። በማይለቅ ቀለም መስመር አስምሩና ማስመሪያውን ዜሮው ከዚያ መስመር ላይ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉት።

ቦታው ወሳኝ ነው። ከጣሪያ ጠርዝ፣ ከዛፍና ከእንሰት ቅጠል ራቅ ይበል፤ ቅጠል ላይ የተጠራቀመ ውኃ ተንጠባጥቦ ከገባበት የምትለኩት ዝናብ አይደለም። አንድ ነገር ቁመቱ ሦስት ሜትር ከሆነ ከእሱ ቢያንስ ስድስት ሜትር ራቁ። መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ጭቃ ይፈነጠቅበታል። ከእንጨት ጋር እሰሩት፤ የእንጨቱ ጫፍ ከፕላስቲኩ አፍ ዝቅ ይበል።

የሚነበበው በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎችም የሚለኩት በዚያ ሰዓት ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውኃው ጋር እኩል ያድርግ። ከላይ ወደ ታች ካየ ቁጥሩ ይሳሳታል። ሚሊ ሜትሩን ከጻፈ በኋላ ትርፉን ውኃ እስከ ዜሮው መስመር ድረስ ይድፋ፤ ውኃው ከመስመሩ ከወረደም ጨምሮ ያስተካክል።

እንበልና በሐምሌ አንድ ሳምንት እንዲህ ጻፈ፦ ሰኞ 12፣ ማክሰኞ 0፣ ረቡዕ 7፣ ሐሙስ 23፣ ዓርብ 4፣ ቅዳሜ 18፣ እሑድ 6። ሁለተኛ ክፍል የሆነች ታናሽ እህቱ የትኛው ቀን እንደሚበልጥ ትናገር። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል የሆነው ይደምር፤ 70 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አምስተኛ ክፍል የደረሰ ለሰባት ያካፍል፤ አማካዩ በቀን 10 ነው። በደብተሩ ካሬዎች ላይም ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ካሬ እያጠቆረ ሰባቱን ቀን ጎን ለጎን ያቁም።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ለሆኑት ጣሪያው ይቅረብላቸው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢተኛ፣ 100 ሴንቲ ሜትር በ100 ሴንቲ ሜትር በ0.1 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 1,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህም ልክ አንድ ሊትር ነው። እንግዲህ የቤታችሁ ቆርቆሮ የሚሸፍነው ቦታ ስድስት ሜትር በአምስት ከሆነ ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ነው። በቅዳሜው 18 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዚያ ጣሪያ 540 ሊትር ውኃ ወረደ፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 27 ይሞላል። ልጁ የጣሪያውን ተዳፋት ሳይሆን ከሥሩ ያለውን መሬት ይለካ፤ ዝናብ የሚወርደው ወደ ታች ስለሆነ የሚቆጠረው እሱ ነው። አሸንዳ ካላችሁም በርሜላችሁ ውስጥ የሚገባው ከዚህ ያንሳል፤ የሚፈናጠቅና የሚንጠባጠብ አለ። ምን ያህል እንዳነሰ ማስላት ራሱ ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚበላሸው መሣሪያው ሳይሆን ደብተሩ ነው። ልጅ አንድ ቀን ይረሳል፤ ከዚያ ክፍት ቦታ ላለመተው ቁጥር ያስገባል። ቁጥሮቹ ሁሉ 5፣ 10፣ 15፣ 20 ከሆኑ ሳይለካ እንደጻፈ ጠርጥሩ፤ ዝናብ እንዲህ በአምስት ቤት እየተቆጠረ አይወርድም። ከቁጣ ይልቅ ደንቡን አስተምሩት። ያልዘነበበት ቀን ዜሮ ይጻፋል፤ ያልታየበት ቀን ግን ዜሮ አይደለም፣ «አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። በማግሥቱ የሚያገኘው ውኃ የሁለት ቀን ስለሆነ ከጎኑ «የሁለት ቀን» ይበል። ድምሩ አይጎድልም፤ የየቀኑ ቁጥር ብቻ ነው የማይታወቀው። ውኃው ከተደፋ ወይም ጥጃ ከገለበጠው ግን የዚያ ቀን ልክ ጠፍቷል፤ አማካዩን ሲያወጣ በቀሩት ስድስት ቀናት እንጂ በሰባት አያካፍል። ዜሮንና አለማወቅን የለየ ልጅ፣ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሪፖርት ሲጽፉ የሚስቱትን ነገር ገና በልጅነቱ ይዟል ብዬ አምናለሁ።

ከቁጥሩ ሥር በየቀኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ በካፊኖኖም በአማርኛም ቢሆን ደስታው ነው። «ሌሊት ነጎድጓድ ነበር»፣ «የወንዙ ውኃ ስለሞላ ከብቶቹ አልተሻገሩም» ያህል ይበቃል። አያት ያሉበት ቤት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የድሮውን ክረምት ጠይቆ ይጻፍ፤ ዝናቡ መቼ ይጀምር እንደነበር፣ የትኛው ወንዝ መንገድ ይዘጋ እንደነበር።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ደብተሮቹን ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን። ዋጫ ከተማ ውስጥ ያለ ቤትና ከፍ ያለው ቀበሌ ያለ ቤት በአንድ ቀን እኩል ዝናብ አያገኙም፤ ልጆቹ ይህን ከራሳቸው ቁጥር ያዩታል፤ የስድስተኛ ክፍል የመጀመሪያ የግራፍ ትምህርትም ከዚያው ይነሣል። ስለዚህ ደብተሩ ቢረጥብም፣ ጭቃ ቢነካውም፣ ግማሹ «አልታየም» ቢሆንም ጥላችሁ አዲስ አትግዙለት፤ ያንኑ ይዞ ይምጣ። የልጁ ስም፣ ቀበሌውና የተለካበት ወር ሽፋኑ ላይ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
መምህራችሁ