የጠጁ ጥያቄ በየትኛው ሙከራ ይመለሳል?

በጣዕም ምዘና ፈተና «ልዩነት» የሚል ቃል ሲያጋጥም ተማሪ ወደ ትራያንግል ይቸኩላል። ለአብነት ይህ ጥያቄ ይቅረብ፦ በላሊበላ የሚገኝ ጠጅ ቤት ማሩን ከሌላ የላስታ ቀበሌ መግዛት ጀመረ፤ ደንበኞች ለውጡን ይለዩት እንደሆነ በምን ሙከራ ይጣራል?

ሄዶኒክ ሚዛን ወዲያው ይወድቃል። ባለ 9 ነጥቡ ሚዛን የሚለካው መውደድን ነው፤ ሁለት ጠጆች እኩል ተወደው ጣዕማቸው ሊለያይ ይችላል።

የሚያከራክረው ቀሪው ነው። በትራያንግል ቀማሹ ከ3 ናሙናዎች ከሌሎቹ የተለየውን ያወጣል፤ በግምት የመምታት ዕድሉ ከ3 አንድ ነው። በዱኦ-ትሪዮ ግን አስቀድሞ ማመሳከሪያውን ይቀምስና ከ2 ናሙናዎች እሱን የሚመስለውን ይመርጣል፤ ዕድሉ ከ2 አንድ ይሆናል። ስለዚህ በ24 ቀማሾችና በ5% ደረጃ ለትራያንግል 13 ትክክለኛ መልስ ሲበቃ፣ ዱኦ-ትሪዮ 17 ይጠይቃል። 15 ቢገኝ አንዱ «ልዩነት አለ» ያሰኛል፣ ሌላው አያሰኝም፤ ሙከራው ከቅምሻው በፊት መመረጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

በቁጥር ረገድ ትራያንግል ይልቃል። ሆኖም የጌሾ ምሬት ምላስ ላይ ይቆያል፤ በትራያንግል ደግሞ ሦስቱንም እርስ በርስ ማነጻጸር ግድ ነው። ደንበኞች የለመዱት የቀድሞው ጠጅ ማመሳከሪያ ሲሆን ሥራው ይቀልላቸዋልና እዚህ ዱኦ-ትሪዮ ይሻላል። ትራያንግልን በበቂ ምክንያት የመረጠ ተማሪ ነጥብ ሊነፈግ አይገባም። ሊነፈግ የሚገባው በዱኦ-ትሪዮ 15 አግኝቶ «ጠጆቹ አንድ ናቸው» ብሎ የደመደመው ነው፤ 24 ቀማሾች ልዩነት አለማሳየታቸው አንድነትን አያረጋግጥም።