«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ሲባሉ

ዛሬ መልስ የምንሰጠው ከመካነ ሰላም ለደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የሦስት ልጆች እናትና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጥቅምት 5 ቀን ከከተማው ሱቅ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዙ። ጥቅምት 8 ቀን ሲጋግሩበት የእንጀራው አንድ ጎን ዓይን አውጥቶ ሲበስል ሌላው ጎን ሊጥ እንደሆነ ቀረ። ምጣዱን በባጃጅ ጭነው ቢመልሱት ባለሱቁ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አሳያቸው። «እንግዲህ ገንዘቤ ቀልጦ መቅረቱ ነው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

የለም፣ ቀልጦ አይቀርም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የግድግዳው ጽሑፍ ሐሳቡን የለወጠ ገዢን ሊመለከት ይችላል፤ የተበላሸ ዕቃ የገዛን ሰው መብት ግን አይሽርም። ስለዚህ እህታችን እስከ ጥቅምት 20 ጊዜ አላቸው፤ ሆኖም የመጨረሻዋን ቀን ባይጠብቁ ይመረጣል።

ከሁሉ በፊት ጉድለቱ የምጣዱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር በደንብ ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቃል፤ ይህ የአሟሟሽ ጉዳይ እንጂ የዕቃው ጉድለት አይደለም። ምጣዱ በሙሉ እኩል ሳይግል ከቀረ ደግሞ መብራቱ ደክሞ ወይም ሶኬቱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል በማለዳ፣ በሌላ ቤት ሶኬት ይሞከር። አንዱ ጎን ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ግን ችግሩ ከሥር ካለው ሽቦ ወይም ከአቀማመጡ ነው። ጥቂት ዱቄት በምጣዱ ላይ እኩል ቢነሰነስ በጋለው በኩል ይጠቁራል፣ በቀዘቀዘው በኩል ነጭ ሆኖ ይቀራል። የእህታችን ምጣድ ችግር ይኸው ነው። ይህን ካዩ በኋላ ምጣዱን በጠጋኝ አያስፈቱ፤ አንዴ ከተፈታ ሻጩ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ለማለት ምክንያት ያገኛል።

ቀጥሎ ደረሰኙን ይዞ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማመልከቻው አጭር ይሁን፦ ምጣዱ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ ጉድለቱ የታየበት ቀን፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነና የሚፈለገው ልዋጭ ወይም ገንዘብ መሆኑ። በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ላይ ባለሱቁ «ተቀብያለሁ» ብሎ ከነቀኑ ይፈርምበት። «እስኪ ላሠራልዎ» ካለ መስማማት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚመለስበት ቀን፣ ካልተሠራም እንደሚለወጥ በዚያው ወረቀት ይጻፍ። አለበለዚያ «ነገ ይምጡ» ሲባል 15ቱ ቀን ያልቃል።

በሱቅ የምትሠሩ እህቶቻችንም ይህ ይመለከታችኋል። የተቆጣች ደንበኛ ስትመጣ ከመከራከር ይልቅ ምጣዱን እፊቷ ሰክታችሁ ሞክሩት። ጉድለቱ ከታየ መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እመቤት፣ ልክ ነዎት፤ አንዱ ጎን አይግልም። ሌላ ምጣድ ስላለን አሁኑኑ ሞክረው ይውሰዱ። ካልፈለጉ ደረሰኙን ይዘን ገንዘብዎን እንመልሳለን።» በእጃችሁ ሌላ ከሌለ «ከደሴ ይመጣል» ብላችሁ አታሰናብቷት፤ የሚመጣበትን ቀንና በዚያ ቀን ካልመጣ ገንዘቧ እንደሚመለስ ጻፉላት። የተመለሰውንም ምጣድ ጉድለቱን ጽፋችሁ ላመጣላችሁ አከፋፋይ መልሱ እንጂ ለሌላ ደንበኛ አትሽጡት።

ባለሱቁ አሻፈረኝ ካለስ? የደረሰኙንና የተፈረመበትን ማመልከቻ ቅጂ ይዞ ወደ አካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው። ጉድለቱ ከ15 ቀን በኋላ የታየ እንደሆነም ነገሩ ሁሉ አያበቃም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ያላስታወቀ መብቱን ያጣል፤ ያስታወቀም ቢሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ከሻጩ የተሰጠ የዋስትና ወረቀት ካለ ደግሞ ከደረሰኙ ጋር ይቀመጥ።

አንድ ነገር እንጨምር። ሸክላው የተሰነጠቀ እንደሆነ «በመንገድ ነው የተሰነጠቀው» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ምጣዱን ሳትጭኑ እዚያው ሱቁ ውስጥ በጣት አንኳኩታችሁ ድምፁን ስሙ፤ ደኅናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያም አሰክታችሁ ዙሪያውን መጋሉን አረጋግጡ። ለዚህ የምታጠፉት ጥቂት ደቂቃ ከሳምንት ምልልስ ያድናችኋል።