ጥላው የት ወደቀ?

ባለፈው ጥር አንዲት እናት ነገሌ ቦረና ወዳለው ፎቶ ቤቴ ሁለት ፎቶ ይዘው መጡ። አንዱ በልጃቸው ሠርግ ሰሞን ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ የተነሳው ነው። በሌላው፣ ሠርጉን ሳያዩ ያረፉት ባለቤታቸው በራቸው ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። «አባታቸውን ከመሐል አቁምልኝ» አሉኝ። ቀላል መስሎኝ ለነገ አልኳቸው።

ሰውየውን ቆርጬ ከልጆቹ መሐል አስገባሁና ጥላ ሠራሁላቸው። የቅርጻቸውን ቅጂ በጥቁር ሞልቼ መሬት ላይ አጋደምኩት፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይኸንኑ ነው። እማማ በማግስቱ መጥተው ረጅም ጊዜ አዩትና «ልጄ፣ እሱን ብቻ ፀሐይ አልነካውም» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ቤት ገብቼ ፎቶውን አጉልቼ ተመለከትኩ። ቤተሰቡ የተነሳው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በጥር በዚያ ሰዓት ነገሌ ላይ የሰው ጥላ ከቁመቱ አንድ ጊዜ ተኩል ይበልጣል። እኔ የሠራሁት ግን ከቁመታቸው ያነሰ ነበር፤ አቅጣጫውም ከሌሎቹ ትንሽ ዘወር ብሏል። ስለዚህ አጠገባቸው ከቆመው ልጅ ጫማ ተነስቼ እስከ ጥላው ጫፍ መስመር አሰመርኩና የአባትየውን ጥላ በዚያ ልክ አስተካከልኩ። ከቅርብ ሰው መለካት ያስፈልጋል፤ መሬት ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ጥላዎች በፎቶ ውስጥ ሊቀራረቡ ወይም ሊራራቁ ይችላሉና። (በነገራችን ላይ፣ በእኛ አገር የቀትር ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። «ጥላ ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው» ብሎ በልምድ መሥራት ያሳስታል።)

ቀጥሎ የጥላው ጠርዝ ነበር። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ስፋት አላት። ስለዚህ ከጫማው ሥር ያለው የጥላ ጠርዝ እንደ ምላጭ የተሳለ ሲሆን፣ የራስ ጥላ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ስለሚወድቅ ጠርዙ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። እኔ ሁሉንም በእኩል ነበር ያደበዘዝኩት። አሁን በ Gaussian Blur ከእግር ወደ ራስ እየጨመርኩ ሄድኩ። ጥላው ድፍን ጥቁር እንዳይሆንም በ Multiply አደረግኩት፤ ቀዩ አፈራችን ከሥሩ መታየት አለበት።

መሬቱ ተስተካከለ፤ ፊታቸው ግን እምቢ አለ። የልጆቹ ሁሉ ግራና ቀኝ ጉንጭ አንዱ የበራ፣ ሌላው የጠቆረ ነው፤ የአፍንጫቸው ጥላም ጉንጫቸው ላይ ወድቋል። አባትየው የተነሱት በሐምሌ ደመና ሥር ስለሆነ ፊታቸው እኩል ነው፤ ከአገጫቸው ሥር ለስላሳ ጥቁረት ብቻ አለ። አንዱን ጉንጭ ላበራ ሌላውን ላጠቁር ሞከርኩ፤ ጭቃ የተቀቡ መሰሉ። ከሌላ ጎን ፀሐይ የመታው ፊት ቢሆን ፎቶውን መገልበጥ ይቻል ነበር፤ ያኔም ቢሆን የሸሚዙ ቁልፍና የእጅ ሰዓቱ ቦታ ስለሚቀየር ቤተሰብ ያውቅበታል። በደመና የተነሳ ፊት ላይ ግን የጠራ ፀሐይ መሣል አልተቻለኝም።

የቀረኝ መንገድ ነገሩን መገልበጥ ነበር፦ እሳቸውን ወደ ፀሐይ ማምጣት ትቶ ቤተሰቡን ወደ ደመና መውሰድ። እማማን «ዝናቡ እስኪመጣ ይታገሡኝ፤ በነፃ ደግሜ አነሳችኋለሁ» አልኳቸው። በግድግዳ ጥላ ሥር ላነሳቸውም አስቤ ነበር፤ ግን እዚያ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ነው የሚገባው፣ የሳቸው ደግሞ ከላይ ነው።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ሸፈነ። ነጭ ወረቀት መሬት ላይ አኑሬ ከስንዝር ከፍታ እጄን ዘረጋሁበት፤ ወረቀቱ ደብዘዝ አለ እንጂ የጣቶቼ ቅርጽ አልታየም። ወዲያው ስልክ ደወልኩ። ሲመጡ በመሐላቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ትተው ቆሙ። ታናሹ ልጅ ባዶውን ቦታ ደጋግሞ ያይ ነበር።

በዚህኛው ሥራ የተጋደመ ጥላ አላስፈለገም። ከጫማቸው ሥር መሬቱን የሚነካው ቦታ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር፣ በዙሪያው ደግሞ ስንዝር ሳይሞላ የሚጠፋ ለስላሳ ጥቁረት ብቻ አደረግኩ። መጠኑን የቀዳሁት ከራሳቸው የድሮ ፎቶ ነው። ያ ቀጭን መስመር ከተረሳ ሰውየው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ከግራና ቀኝ የቆሙት ልጆች በሚጠጓቸው በኩልም ልብሳቸውን ጥቂት አጠቆርኩት።

እማማ ፎቶውን ተቀብለው ጣታቸውን የባለቤታቸው ጫማ ላይ አሳረፉ። ስለ ጥላ ምንም አላሉም። «ይኼን ኮት እኔ ነኝ የገዛሁለት» አሉኝና በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

እንዲህ ያለ ፎቶ ለማሠራት ያሰባችሁ አንባቢያን፣ የሌለውን ሰው ፎቶ ቤተሰቡ ከመነሳቱ በፊት ለፎቶ አንሺው አሳዩት። ዳር ዳሩን ቆርጣችሁም አትምጡ፤ ከኋላው ያለው ግድግዳና ከእግሩ ሥር ያለው መሬት ብርሃኑ ከየት እንደመጣ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።