«ግብር የሚነካህ ስታተርፍ ብቻ ነው» ላላችሁ አሰልጣኞች

ሰሞኑን እዚህ ሻሸመኔ ለወጣት አምራቾች የሚሰጥ አንድ ስልጠና ላይ ተማሪዎቼ ስለነበሩ ደብተራቸውን አየሁት። «ወጪህን ደምር፣ ትርፍህን ጨምርበት፣ ግብር ከትርፍ ላይ ነው፣ አታስብ» ይላል። አጨብጭበው ወጡ! እኔ ግን ማጨብጨብ አልቻልኩም። ይቺ ዓረፍተ ነገር ሱቅ ታዘጋለች።

ወሬ ከማበዛ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። አቦስቶ አካባቢ ፈሳሽ ሳሙና ያመርታል። አምስት ሊትር ጀሪካኑን በ300 ብር ለሱቆች ያስረክባል። ላብሳው፣ ሽቶው፣ ጀሪካኑ፣ ሁሉም ተደምሮ ለአንዱ 225 ብር ይወጣበታል። ከእያንዳንዱ ጀሪካን 75 ብር ይቀረዋል ማለት ነው። ይህ 75 ግን ገና ትርፍ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና የራሱ ደመወዝ በወር 22,500 ብር ነው። (የራሱን ደመወዝ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስልጠናው ላይ ረስተውታል፤ ልጁ አየር አይበላም።) 22,500ን ለ75 ስታካፍሉት 300 ይመጣል። በወር 300 ጀሪካን ሲሸጥ አይከስርም፣ አያተርፍም። እሱ 400 ስለሚሸጥ 7,500 ብር ያተርፋል። እስከዚህ ሰላም ነው።

የትርፍ ግብር ይችን 300 አይነካትም። ዜሮ ትርፍ ላይ የሚከፈል ግብር ዜሮ ነው። አሰልጣኞቹ እስከዚህ ልክ ናቸው። ከሽያጭ ላይ የሚታሰብ ግብር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ውስጥ ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 ከመቶ ዝቅተኛ ግብር የሚባል ነገር አለ። የእናንተ ደረጃ ውስጥ ይግባ አይግባ ገቢዎች ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ስሌቱን ግን እዩት። ከ300 ብር ላይ 7.50 ይወጣል፣ 75ቱ 67.50 ይሆናል፣ 300 ጀሪካን የነበረው ነጥብ 334 ይደርሳል። አተረፍክ ከሰርክ ብሎ የሚጠይቅህ የለም።

ልጁን ሊያጠፋው የነበረው ግን ቫት ነው። ለሆቴልና ለመሥሪያ ቤት ለማቅረብ የቫት ደረሰኝ ተጠየቀና ተመዘገበ። ዋጋውን ግን መጨመር ፈራ፣ ጎረቤቱ ያለ ቫት በ300 ይሸጣላ! ስለዚህ 300 ብሩ ቫትን ጨምሮ ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የ300ን 15 ከመቶ፣ 45 ብር፣ ይቀንሳል። ልክ አይደለም። 300ን ለ1.15 ነው የምታካፍሉት፤ የሱ ድርሻ 260.87 ይሆናል፣ 39.13 የመንግሥት ነው።

አሁን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ጥሬ ዕቃውን በደረሰኝ ነው የገዛው ወይስ ያለ ደረሰኝ? ሁሉንም ያለ ደረሰኝ ከገዛ ወጪው 225 እንዳለ ይቆማል። ከ260.87 ላይ ስትቀንሱት የሚቀረው 35.87 ነው፤ ላለመክሰር በወር 628 ጀሪካን መሸጥ አለበት። በ400 ጀሪካን በየወሩ ከ8,000 ብር በላይ ይከስራል፣ ሽያጩ ሳይቀንስ! ሁሉንም በቫት ደረሰኝ ከገዛ ግን ውስጡ ያለውን 29.35 ያቀናንሳል፣ ወጪው 195.65 ይሆናል። የሚቀረው 65.22፣ የሚያስፈልገው 345 ጀሪካን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ዋጋ፤ ልዩነቱ ወረቀት ነው።

ታዲያ ደረሰኝ የማይቆርጡት ነጋዴዎች «ያለ ደረሰኝ ከወሰድክ ቀነስ አደርግልሃለሁ» ይሉታል። በ225 ፈንታ በ205 ሲሰጡት ደስ ብሎት ደወለልኝ። «ቲቸር፣ 20 ብር አተረፍኩ!» አለ። «9 ብር ከ35 ከሰርክ» አልኩት። ለቫት ተመዝጋቢ ከ13 ከመቶ በታች የሆነ የደረሰኝ አልባ ቅናሽ ቅናሽ አይደለም፣ ሻጩ የሱን ቫት በኪሱ እየከተተ ነው። ከ13 ቢበልጥ እንኳ ያ ወጪ ማስረጃ ስለሌለው የትርፍ ግብር ሲሰላ ላይቀነስለት ይችላል። ይሄን ነጋዴ «ደግ ሰው» የምትሉ ወገኖቼ እባካችሁ ካልኩሌተር አውጡ።

ሌላው የስልጠናው ምክር «ቫት ከገባህ 15 ከመቶ ጨምር» ነበር። 345 ብር ማለት ነው፤ ገበያው ወዲያው ጥሎት ወደ ጎረቤት ይሄድ ነበር። ልጁ የሚፈልገው የቀድሞ 75ቱን መመለስ ከሆነ 195.65 ላይ 75 ይጨምርና በ1.15 ያባዛ፦ 311.25። በደረሰኝ እስከገዛ ድረስ ጭማሪው 11 ብር ከ25 ሳንቲም ብቻ ነው። ደብተሩን ያሳዩኝ ልጆች፣ የራሳችሁን ወጪ ይዛችሁ ኑ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብለን እናሰላዋለን። አሰልጣኞቹም መምጣት ይችላሉ፣ ቡናው በኔ ነው።