ማህተሙ ይነበባል፣ ሰዓቱ ግን አይነበብም

ዛሬ ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ መምህራንና የክፍል ተጠሪዎች ግን ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ላይ የሒሳብ ፈተና ጠዋት 3፡00 ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአሸዋ ሜዳ ወዲያ የምትመጣ ልጅ፣ እስክሪብቶና ማስመሪያዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። «ቲቸር፣ ፈተናው የት ክፍል ነው?» አለችኝ። ፈተናው ካለቀ ሰዓታት አልፎታል። ስነግራት አላመነችም፤ ስልኳን አውጥታ በቴሌግራም የተለቀቀውን ፕሮግራም አሳየችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ብሆን 8፡00 ብዬ ነበር የማነበው። በሁለት ጣት ሳሰፋው ቁጥሯ ግራጫ ነጠብጣብ ሆነች። ከታች ያለው ክብ ማህተም ግን ከሩቅ ይታወቃል።

ያንን ፎቶ ያነሳሁትም የለቀቅሁትም እኔ ነኝ። ልጅቷ እናቷ ከሥራ ቀርተው መጥተው፣ ደብዳቤ ተጽፎ፣ በሌላ ቀን ተፈተነች። ጉዳዩ በዚህ አለቀ፤ ለእኔ ግን አላለቀም። ስልኬ ላይ ያለውን ኦርጅናል ከፍቼ ሳየው 3ቷ ጥርት ብላ 3 ናት። ታዲያ መንገድ ላይ ምን ነካት?

የስልኬ ካሜራ ያነሳው ምስል 3000 በ4000 ፒክሰል ነው። ቴሌግራም ላይ በተለመደው መንገድ «እንደ ፎቶ» ስንልከው ረዥሙ ጎን ወደ 1280 ይወርዳል፤ ማለትም ምስሉ 960 በ1280 ይሆናል። ይህ ብቻውን ብዙ አይጎዳም ነበር። የእኔ ጥፋት ደግሞ አለበት፤ ማስታወቂያ ሰሌዳውን በሙሉ ላስገባ ብዬ ወደ ኋላ ርቄ ነው ያነሳሁት። ወረቀቱ የምስሉን ቁመት ግማሽ ብቻ ያዘ። ስለዚህ 297 ሚሊሜትር ቁመት ላለው ኤ4 ወረቀት የደረሰው 640 ፒክሰል ነው፤ ለአንድ ሚሊሜትር 2 ፒክሰል ገደማ። ሰዓቱ የተጻፈበት ቁጥር ቁመቱ 3 ሚሊሜትር ቢሆን 6 ፒክሰል ብቻ ደረሰው ማለት ነው። የ3 እና የ8 ልዩነት በግራ በኩል ክፍት መሆንና መዘጋት ነው። በ6 ፒክሰል ውስጥ ይቺ ልዩነት አንድ ወይ ሁለት ነጥብ ናት።

ከዚያ መጨመቁ ይመጣል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ለውጦች ይጥላል። ለፊት፣ ለሰማይ፣ ለሣር ይህ አይታወቅም። 6 ፒክሰል የሆነች ቁጥር ግን ሙሉ በሙሉ አንድ ካሬ ውስጥ ልትገባ ትችላለች፤ ለካሬው «ጥቃቅን ለውጥ» የሆነው ለእኛ የፈተና ሰዓት ነው። ፊደላችን ላይማ ይብሳል። የሰ እና የሱ ልዩነት ጎን ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ደግሞ ከጥቁሩ ቀድሞ ይደበዝዛል፤ ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ ቀለምን ከብርሃን ባነሰ ዝርዝር ነው የሚያስቀምጠው።

በዚህም አላበቃም። የክፍል ተጠሪዋ ምስሉን ፎርዋርድ ብታደርገው ኖሮ ያው ፋይል ነበር የሚያልፈው፤ ምንም አይጨመርበትም። እሷ ግን የ10ኛ ክፍሉን ብቻ ለማሳየት ብላ ስክሪንሾት አንስታ፣ ቆርጣ፣ እንደ አዲስ ለቀቀችው። በቅንነት ነው ያደረገችው። ግን የተጨመቀው ምስል እንደገና ተጨመቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡልኝ። ዲቪ የሞላ ሁሉ የፎቶውን ሕግ ያውቀዋል፤ ካሬ መሆን አለበት፣ ከ600 በ600 ፒክሰል ማነስ የለበትም፣ ከ240 ኪሎባይት መብለጥ የለበትም። ካላሟላ አይቀበልም፤ አስተካክለህ ና ይልሃል። ቴሌግራምና ፌስቡክ ግን አይመልሱህም። የሰጠሃቸውን ይቀበሉና ዝም ብለው ራሳቸው ያሳንሱታል። የሚመልስ በር ያናድዳል፣ ግን ስህተትህን ይነግርሃል። ዝም ብሎ የሚያስገባው ግን ስህተቱን የሚነግረው ለአንተ ሳይሆን ለተማሪዋ ነው፤ ያውም ፈተናው ካለፈ በኋላ። የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ምስሉ መቀነሱ ላይቀር፣ ቀድመን ራሳችን እንቀንሰው፤ ቀንሰንም ሰው አንብቦት ይውጣ።

«እንደ ፋይል ላከው፣ አይጨመቅም» ያሉኝ አሉ። ልክ ነው፣ አይጨመቅም። ግን አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው። 600 ተማሪ ቢያወርደው 2.4 ጊጋባይት ይሆናል፤ የሚከፈለውም ከወላጅ ኪስ በተገዛ ጥቅል ነው። ፓኬጅ ያለቀበት ልጅ ደግሞ ፋይሉን ሳይከፍተው ያልፋል። በ1280 ልክ የተዘጋጀው ያው ምስል እኛ ጋ 300 ኪሎባይት አካባቢ ነው የመጣው፤ ለ600 ሰው 180 ሜጋባይት።

የአይሲቲ መምህራችን ነገሩን ሰምቶ «ይሄማ በአንድ ትእዛዝ የሚያልቅ ነው» አለና ላብራቶሪ ባለው ኮምፒውተር ላይ ኢሜጅማጂክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫነ። አንድ ፎልደር ውስጥ ኦርጅናሉን ትጥላለህ፤ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ የሚሆኑት በየራሳቸው ፎልደር ይወጣሉ። ፌስቡክ ለፎቶ ከሚመክራቸው ስፋቶች ትልቁ 2048 ስለሆነ ለእሱ ያንን ተጠቀምን።

```
for f in original/*.jpg; do
  n=$(basename "$f")
  magick "$f" -auto-orient -resize "1280x1280>" -strip -quality 85 "telegram/$n"
  magick "$f" -auto-orient -resize "2048x2048>" -strip -quality 85 "facebook/$n"
done
```

ከ1280 ቀጥላ ያለችው `>` ምልክት «ትልቅ ከሆነ ብቻ አሳንስ፣ ትንሹን አታሳድግ» ማለት ነው። ሁለቱም የሚወጡት ከኦርጅናሉ መሆኑን ልብ በሉ፤ የፌስቡኩ ከቴሌግራሙ አይወጣም። `-strip` በፎቶው ውስጥ የተደበቀውን መረጃ፣ ለምሳሌ የተነሳበትን ቦታ፣ ያጠፋል። የልጆች ፎቶ ለምንለቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ስልኩ በየትኛው ጎን ተይዞ እንደነበር የሚናገረውም መረጃ አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ስንሞክረው `-auto-orient` አልነበረም፤ የስፖርት ቀን ተጫዋቾቻችን በሙሉ በጎናቸው ተኝተው ወጡ። ቀድሞ ካቀናው በኋላ ነው መረጃው የሚጠፋው፤ ቅደም ተከተሉ ግዴታ ነው።

ለስፖርት ቀን፣ ለወላጆች ቀን፣ ለችግኝ ተከላ ፎቶዎች ይህ በቃ። ካዘጋጀው በኋላ ማንም አይጨነቅም። ቴሌግራም ሲደርሰውም መልሶ ይጨምቀዋል፣ ግን መጠኑ ልኩ ስለሆነ ልዩነቱ ለዓይን አይታወቅም።

ለጽሑፍ ግን አውቶማቲኩን ብቻ ማመን አይገባም የምለው እዚህ ነው። ትእዛዙ ግብ ጠባቂና የፈተና ፕሮግራም አይለይም። ያንን የሰሌዳ ፎቶዬን ብሰጠው በሚገባ አሳንሶ፣ በሚገባ ጨምቆ፣ ያችኑ 8 የምትመስል 3 ይሰጠኛል። ስህተቱ ከመጠኑ በፊት ስለሆነ ማስተካከያውም ከትእዛዙ በፊት መሆን አለበት። ወረቀቱን ብቻ ሙሉ ፍሬም አድርጎ ማንሳት፣ ወይም ትርፉን መቁረጥ። ኤ4ው ቁመቱን ከሞላ በ1280 ውስጥ ለአንድ ሚሊሜትር ከ4 ፒክሰል በላይ ይደርሰዋል፤ ያች 3 ሚሊሜትር ቁጥር 13 ፒክሰል ታገኛለች፣ ትነበባለች። ሠንጠረዡ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ወረቀቱን መሃል ላይ ከፍሎ በሁለት ምስል ማውጣት ነው። ግማሹ ወረቀት ረዥሙ ጎኑ 210 ሚሊሜትር ስለሆነ ለአንድ ሚሊሜትር 6 ፒክሰል ይደርሰዋል። ጥራቱን ከ85 ወደ 95 መጨመር ግን ይህንን አይተካም፤ የፒክሰሉን ቁጥር ስለማይጨምር የጠፋችውን ነጥብ አይመልስም፣ ፋይሉን ብቻ ያወፍራል።

ከዚያ ማስነበብ ነው። ግን ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው አያንብበው። እሱ ሒሳብ 3 ሰዓት መሆኑን ስለሚያውቅ ዓይኑ ራሱ ይሞላለታል። እኔም ያኔ ከመልቀቄ በፊት አይቼው ነበር፤ 3 ብዬ አነበብኩት። ፕሮግራሙን የማያውቅ ሰው፣ ትንሽ ስክሪን ባለው ስልክ፣ ከተለቀቀ በኋላ ያለውን ምስል ጮክ ብሎ ያንብብ። እኛ አሁን ሦስት ሰው ብቻ ያለበት የሙከራ ግሩፕ አለን፤ መጀመሪያ እዚያ ይለቀቃል፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ታነበዋለች፣ ካልተሳሳተች ወደ ቻናሉ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መጨረሻ ላይ የሚያስቀኝን ልናገር። ያ ፕሮግራም መጀመሪያውኑ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ነው። ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከዚያ በፎቶ ተመልሶ ወደ ስልክ ገባ። ርእሰ መምህሩን «ለምን ጽሑፉን እንዳለ አንለቀውም?» ስላቸው «ማህተም ከሌለው ማን ያምነዋል?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ በየግሩፑ የውሸት ፕሮግራም የሚለቅ አይጠፋም። ግን ማህተሙ ምስል ይፈልጋል እንጂ ሰዓቱ አይፈልግም። ስለዚህ ተስማማን፤ ማህተም ያለበት ፎቶ ይለቀቃል፣ ከሥሩ ደግሞ ሰዓቱ በጽሑፍ ይጻፋል፤ «ሒሳብ፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00»። ይህችን መስመር ማንም አይጨምቃትም፣ ኮፒ ብትደረግም አትደበዝዝም። «ጠዋት» የምትለዋን ቃልም አትርሷት፤ እሷ ብቻ ብትኖር ኖሮ ያቺ ልጅ በ8 ሰዓት አትመጣም ነበር።

እናንተ ጋስ ፕሮግራሙ እንዴት ነው የሚለቀቀው? እስቲ የመጨረሻውን የለቀቃችሁትን ክፈቱና ለማያውቀው ሰው አስነብቡት። ምን ብሎ እንዳነበበው ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።