የሕፃኑ አጥሚት ለምን ይቀጥናል?

እንደሚታወቀው ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት ወተት በቀር ሌላ ምግብም ሆነ ውሃ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ግን ወተቱ ብቻውን አይበቃውምና ጡት መጥባቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ መጀመር ይኖርበታል። በብዙ ቤቶች ይህ የመጀመሪያ ምግብ አጥሚት ነው። ለመዋጥ እንዲቀልለው በማሰብም በጣም ቀጥኖ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም በጡጦ ይሰጠዋል። እኛ ይህ ልማድ መታረም አለበት እንላለን። ምክንያታችንን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

ክብደቱ 7.5 ኪሎ ግራም የሆነ የሰባት ወር ሕፃን እንውሰድ። ጡት የሚጠባ እንዲህ ያለ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ማግኘት አለበት። ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ከ225 ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም። 100 ግራም የእህል ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ አንድ ሊትር አጥሚት በ50 ግራም ዱቄት ብቻ ቢሠራ ሕፃኑ የሚያገኘው 175 ኪሎ ካሎሪ ነው። የሚያስፈልገውን ለማሟላት ከአንድ ሊትር በላይ መጠጣት፣ ይኸውም ሆዱን በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ ጥርቅም አድርጎ መሙላት ሊኖርበት ነው። ይህን ካደረገ ደግሞ ለእናቱ ወተት ቦታ አይተርፍም። ሆዱ በውሃ ስለሞላ አያለቅስም፤ ሰውነቱ ግን ይራባል።

ዱቄቱን በሊትር ወደ 150 ግራም ብናሳድገው 380 ሚሊ ሊትር ብቻ ይበቃዋል። ይህም በሦስት ጊዜ ቢከፈል በየጊዜው ግማሽ ኩባያ ያህል ማለት ነው።

ታዲያ እናቶች ለምን ያቀጥኑታል? በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ሲሞቅ ውሃ እየመጠጠ ያብጣል፤ ገንፎውም ይወፍርና ይጣበቃል። ሕፃኑ ለመዋጥ ሲቸገር የምታይ እናት ውሃ ብትጨምር አያስገርምም። ይሁንና መፍትሔው ለጠላ መጥመቂያ በምናውቀው ብቅል ውስጥ አለ። እህል ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል። ይህ ኢንዛይም ረጃጅሞቹን የስታርች ሰንሰለቶች ይቆራርጣቸዋል። የተቆራረጠው ስታርች እንደ ቀድሞው ውሃ ይዞ ማበጥ ስለማይችል ገንፎው ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል፤ ካሎሪው ግን አይቀንስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ጊዜ ምግብ 20 ግራም ዱቄት፣ ማለትም ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በግማሽ ኩባያ ውሃ ወፍሮ ይበስላል። ከእሳት ወርዶ ጥቂት ከበረደ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ዱቄት ገብቶ ይማሰላል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሲላላ ይታያል። ምንም ለውጥ ካልታየ ብቅሉ የገባው ገንፎው ገና ሲፈላ ሊሆን ይችላል፤ ከፍተኛ ሙቀት ኢንዛይሙን ያጠፋዋልና። ከላላ በኋላ እንደገና ለጥቂት ደቂቃ መፍላት አለበት፤ ብቅል እርጥበት ላይ የሚዘጋጅ በመሆኑ ጀርሞች ሊኖሩበት ይችላሉ። የሻገተ ብቅል ፈጽሞ አይሰጥ። የማሽላ ቡቃያም ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው ለሕፃን አንመርጠውም።

ምግቡ ሲጀመር ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ይበቃል፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። በንጹሕ ማንኪያና ስኒ እንጂ በጡጦ አይሰጥ፤ የጡጦን ጫፍ በሚገባ ማጽዳት አስቸጋሪ ነው። የተረፈውን አሳድሮ መመገብ አደገኛ ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማጣፈጫ ተብሎ ማር አይጨመርበት፤ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ብቅል ሁሉን አያሟላም። ሕፃኑ ሲወለድ ይዞት የመጣው የብረት ክምችት በስድስት ወሩ ገደማ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ የእህል ገንፎ ደግሞ ይህን አይተካም። ስለዚህ በደንብ የበሰለና የላመ ሥጋ ወይም ጉበት፣ ካልተገኘም በርበሬ የሌለበት የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት መጨመር ያስፈልጋል። በስምንት ወር ገደማ ከላመው ወደ ተፈጨውና በእጁ ሊይዘው ወደሚችለው ለስላሳ ምግብ፣ በዓመቱም ወደ ቤተሰቡ ማዕድ መሸጋገር ይችላል።

አንድ ነገር እናክል። ብቅል ያልገባበት ገንፎ ውፍረቱ በማንኪያ ይለያል፤ ማንኪያው ሲዘነበል ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል። ብቅል የገባበትን ግን በዚህ መንገድ መፈተን አይቻልም፤ የበለጸገውም ሆነ ባዶው አጥሚት እኩል ይፈስሳሉ። ስለዚህ በቤታችን ሕፃን ካለ ምን ያህል ዱቄት እንደገባ በማንኪያ እንቁጠር እንጂ በዓይናችን አንተማመን።