የቀላ ስም ሁሉ አይሰረዝም

በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የሚገኝ አንድ እድር መዝገቡን ከደብተር ወደ ኤክሴል ካዞረ ወዲህ፣ እናቱ የሞቱበት አባል የእድሩን ገንዘብ ቢጠይቅ «ስምህ የለም» ተባለ። መዋጮ አጓድሎ አያውቅም። ሐዘንተኛ ቤት ድንኳን ሳይተከል መቅረቱን አስቡት። ማጣራቱ ለእኔና ለአንዲት ጎረቤቴ ተሰጠን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መዝገቡን የሚይዘው ልጅ የስም ዓምዱን መርጦ Home፣ Conditional Formatting፣ Highlight Cells Rules፣ Duplicate Values ብሎ ሲያዝ ሁለት «ታደሰ በቀለ» ቀሉ። ተደግሟል ብሎ አንዱን መስመር ሰረዘው። ቀለሙ ግን የሚናገረው ተመሳሳይ ጽሑፍ ሁለት ቦታ መኖሩን ብቻ ነው። ሁለቱ ታደሰዎች የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው የአያት ስም ሳይጠይቅ ካርድ የማያወጣው ለዚሁ ነው።

መፍትሔው ስምና ስልክን ማጣመር ነው። ስሙ በB፣ ስልኩ በC ካለ፣ ባዶ ዓምድ ላይ ይህን ጽፎ ወደ ታች መጎተት፣ ከዚያ ደንቡን በዚያ ዓምድ ላይ ማዘዝ፦

```
=TRIM(B2)&"-"&C2
```

አሁን የሚቀላው ስሙም ስልኩም የተደገመ ነው። ስልኩ አንዱ ጋ በ0911፣ ሌላው ጋ በ911 ከጀመረ ግን ያመልጣል፤ አስቀድሞ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ማስያዝ ያሻል። ከመሰረዝ በፊትም ሰውየውን መጠየቅ አይቀርም።

ተቃራኒውም አጋጠመን። አንዲት እናት በአንድ መስመር «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሐይ» ተብለው ተመዝግበዋል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ የስም ዓምዱ ላይ አልቀላም። የያዝናቸው የስልክ ዓምዱን ብቻ ለይተን Duplicate Values ስናዝ ነው። በእርግጥ እዚያ በአንድ ስልክ የተመዘገቡ ባልና ሚስትም ቀልተው ነበር፤ እነሱን አልነካንም።

እኚህ እናት የሚከፍሉት በ«ፀሐይ» መስመር ነው። በ«ጸሐይ» መስመር ውዝፉ ወር በወር ሲከመር ኖሯል። ልጁ የውዝፍ ዓምዱን Top/Bottom Rules ውስጥ Top 10% ብሎ ሲያዝ ከቀሉት አንዷ እሳቸው ሆኑ፤ የተግሣጽ ደብዳቤ ሊጻፍባቸውም ነበር።

Top 10% ዕዳው ይብዛ ይነስ አይመዝንም። 120 አባላት ካሉ ከላይ 12ቱን ያቀላል፤ ሁሉም አሥር አሥር ብር ብቻ ቢጎድላቸው እንኳ እኩል ስለሆኑ ሁሉም ይቀላሉ። ውዝፍ ያለባቸው 5 ሰዎች ብቻ ሆነው ሌላው 0 ከሆነ ደግሞ አሥራ ሁለተኛው ቁጥር 0 ነውና ምንም የሌለባቸው ሳይቀሩ ይቀላሉ። ዓምዱ በሙሉ ሲቀላ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። «300 ብር» ተብሎ በፊደል የተጻፈውን ደግሞ ጭራሽ አይቆጥረውም፤ ቁጥሩ ብቻ ይጻፍ።

እኛ ያንን ደንብ አንስተን Greater Than አደረግን፤ ልኩም በመተዳደሪያ ደንባችን የተወሰነው የሦስት ወር መዋጮ ነው። የታደሰ መስመር ከድሮው ደብተር ተገልብጦ ተመልሷል፤ ገንዘቡም ዘግይቶ ተከፍሎታል። የእናታችንን ሁለት መስመሮች አንድ ስናደርጋቸው ውዝፋቸው 0 ሆነ።